ከአሚሻቭ ወደ ትንሽ ከተማ ለመዛወር ለምታስቡ፦ ሥራው፣ አገልግሎቱና የኑሮው ርጋታ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው በአሚሻቭ ብዙ ቤት ውስጥ የሚወራ ጉዳይ ነው። የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ልጆች አግብተው ወደ ደቡብ ወይም ወደ ሰሜን ሄደዋል፣ እናትና አባት ደግሞ ፔታህ ቲክቫ ቀርተዋል። «እኛም ወደዚያ ብንሄድ ምን አለበት?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን ከኪራዩ ዋጋ ብቻ አይገኝም።

በሕግ ዋና ከተማው ኢየሩሳሌም ነው። ለእኛ ለአሚሻቭ ሰዎች ግን ትልቁ ከተማ ማለት ፔታህ ቲክቫ ከነቴል አቪቭና ከነአካባቢው ነው፤ በዕብራይስጥ «መርካዝ» የሚሉት። በትንሽ ከተማና በትልቅ ከተማ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ከእኛ ውስጥ የለም። በ1990 እና በ1991 ብዙዎች ከጎንደር ገጠር ተነስተው አዲስ አበባ ገብተው፣ እስከ «ሚብጻ ሽሎሞ» ድረስ ወራት ከርመዋል። ገጠር ላይ ሁሉም ያውቅሃል፤ አዲስ አበባ ግን ሐኪሙም ሥራውም ቢሮውም አለ፣ የሚያውቅህ የለም። እዚህም ነገሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ከተማ እንውሰድ፦ ኪርያት ጋት። ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች እዚያ ይኖራሉ፤ ከአሚሻቭ ሰዎች ብዙዎቹም እዚያ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት አላቸው። ስለ ኪርያት ጋት የምንለው አብዛኛው ለኪርያት ማላኺ፣ ለነቲቮትና ለሌሎችም ትንንሽ ከተሞች ይሠራል። የሚለይበትን ቦታ እንናገራለን።

ሥራ

ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ኪርያት አርዬና ሰጉላ የሚባሉ ትላልቅ የሥራ አካባቢዎች አሉ። በዙሪያችን ደግሞ ራማት ጋን፣ ብኔ ብራክ፣ ቴል አቪቭ ናቸው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮም ቀዩ የከተማ ባቡር ከፔታህ ቲክቫ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ተነስቶ በቴል አቪቭ በኩል እስከ ባት ያም ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ከአንድ የጽዳት ወይም የጥበቃ ሥራ ቢወጣ፣ ሌላ ቦታ የሚሞክርበት ብዙ በር አለው። ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት የሚሆን ሥራ ይገኛል፤ በጠዋት ቢሮ ማጽዳት፣ የአረጋዊ እንክብካቤ፣ በትምህርት ቤት ምግብ ማደል።

በትንሽ ከተማ ሥራ የለም ማለት አይደለም። ኪርያት ጋት ውስጥ የኢንቴል ትልቅ ፋብሪካ አለ፤ የሱጋት የስኳር ፋብሪካም እዚያው ነው። ችግሩ ሥራው በጥቂት በሮች ላይ መሆኑ ነው። ኢንቴል የሚፈልገው በአብዛኛው የተማረ ወጣት ነው። ለእኛ ዕድሜ ሰው የሚቀረው በፋብሪካው ግቢ የጽዳት፣ የወጥ ቤትና የጥበቃ ሥራ ሲሆን፣ ያም ብዙ ጊዜ በቀብላን በኩል ነው። ቀብላኑ ውሉን ሲያጣ ሠራተኛውም ይወጣል፤ ያኔ በከተማው ውስጥ ሌላ በር ማግኘት ይከብዳል። የከተማው ነዋሪዎች ይህን ያውቁታል። ፖልጋት የሚባለው ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነበር፤ ሲዘጋ በአንድ ጊዜ የተነካው ብዙ ቤት ነው።

ስለዚህ ጡረታ ወጥታችሁም ለጥቂት ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ፣ ከመዛወራችሁ በፊት የሚጠየቀው «እዚያ ሥራ አለ ወይ?» አይደለም። «ይህ ሥራ ቢቀርብኝ በእግሬ ወይም በአንድ አውቶቡስ የምደርስበት ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ የእናንተን ደመወዝ ከሂሳቡ አውጡና ያለ እሱ መኖር ትችሉ እንደሆነ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። «ወደ ፔሪፌሪያ ብትሄዱ የታክስ ቅናሽ አለ» ሲባል ትሰማላችሁ። ቅናሹ እውነት ነው፤ ለተወሰኑ ከተሞች ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም፤ በቦታው ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር መኖርንም ይጠይቃል። ነገር ግን የገቢ ግብር ላይ የሚደረግ ቅናሽ ስለሆነ የሚጠቅመው ግብር የሚከፍለውን ሰው ነው። ከቢቱዋህ ለኡሚ በሚመጣ የእርጅና ቂጽባ ብቻ የሚኖር ሰው የገቢ ግብር ስለማይከፍል ከዚህ አንድ አጎራ አያገኝም። ለልጃችሁ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእናንተ ግን አትቁጠሩት።

ሕክምና

ለአረጋዊ ሰው ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ቤይሊንሶን አለ፤ ከአሚሻቭ ከተማውን ሳትለቁ ትደርሳላችሁ። ልብ፣ ኩላሊት፣ ዓይን፣ ስኳር የሚያክሙ ልዩ ሐኪሞች እዚያው ናቸው።

ኪርያት ጋት የራሱ ትልቅ ሆስፒታል የለውም። ሰው ሲታመም የሚወሰደው ብዙ ጊዜ አሽከሎን ወዳለው ባርዚላይ ነው፤ መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንደ ጉዳዩ ወደ በኤር ሼቫ ሶሮካ ወይም ወደ ረሖቮት ካፕላን የሚላክም አለ። አፉላ ግን ከዚህ ትለያለች። ትንሽ ከተማ ብትሆንም የራሷ ሆስፒታል አላት፤ ሃኤሜክ ይባላል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ከተሞች በኪራይ ቢመሳሰሉ እንኳ በዚህ ሊራራቁ ይችላሉ።

ኩፓት ሆሊም ስትጠይቁ ልዩነቱን በሦስት ጥያቄ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው፣ የቤተሰብ ሐኪሙ በሳምንት ስንት ቀን ይገኛል የሚለው ነው። በትንሽ ከተማ ክሊኒኩ ክፍት ሆኖ ልዩ ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ ለእኔ በሽታ የሚያስፈልገኝ ልዩ ሐኪም የሚቀጥለው ቶር መቼ ነው የሚለው ነው። «አለ» የሚል መልስ አይበቃም፤ ቀኑን ጠይቁ። ሦስተኛው፣ በክሊኒኩ አማርኛ የሚናገር ነርስ፣ ጸሐፊ ወይም አስተርጓሚ አለ ወይ የሚለው ነው። ማኅበረሰባችን በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች የሚገኝበት ዕድል አለ፤ ጥቂት ቤተሰብ ብቻ ባለበት ከተማ ግን ልጆች ከሥራ ቀርተው ካልወሰዱ አስቸጋሪ ነው።

በቤይሊንሶን የምትታከሙ ከሆነ፣ ከተዛወራችሁ በኋላ እዚያው መቀጠል ትፈልጉ ይሆናል። ለሆስፒታል ቀጠሮ ከኩፓው «ቶፌስ 17» የሚባለው የክፍያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ኩፓው በአዲሱ አድራሻችሁ አቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ሊልካችሁ ይችላል። ስለዚህ ቤት ከመልቀቃችሁ በፊት ጸሐፊዋን «በዚያ ብኖር ለቤይሊንሶን ቶፌስ 17 ታወጡልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በወረቀት ወይም በኩፓው መልእክት እንዲሰጧችሁ አድርጉ።

የእናንተ ኩፓ በአዲሱ ከተማ ትንሽ ክሊኒክ ብቻ ኖሮት የሌላው ኩፓ ትልቅ ከሆነ መቀየር ይቻላል። በ12 ወር ውስጥ እስከ ሁለት ጊዜ መቀየር ይፈቀዳል፤ መግቢያ ቀኖቹም በዓመት ስድስት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ብትመዘገቡ ነገ አይጀምርም፤ በመካከል የምትወስዱት መድኃኒት እንዳያልቅ አስቀድማችሁ ሬሴፕት ያዙ።

ቤት ለቤት እንክብካቤ፣ ቢሮና ቅናሾች

የእርጅና ቂጽባ ከተማ ስለተለወጠ አይቀነስም፣ አይጨምርም። ሃሽላማት ሃኽናሳም እንዲሁ በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው። የሚለወጠው አገልግሎቱን የሚያመጣው ሰው ነው።

የሲዑድ ሰዓት ያላችሁ፣ በቤታችሁ የምታግዝ መታፔለት የምትመጣው በአንድ ኩባንያ በኩል ነው። ያ ኩባንያ በአዲሱ ከተማ ላይሠራ ይችላል። ቢሠራም አሁን የምታውቋት፣ አማርኛ የምትናገረው፣ የምትበሉትን የምታውቀው ሴት አብራችሁ አትሄድም። የሚሻለው መጀመሪያ በአዲሱ ከተማ ኩባንያ አግኝቶ «ከዚህ ቀን ጀምሮ አማርኛ የምታውቅ ሠራተኛ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ ቢቱዋህ ለኡሚን ማስታወቅ ነው። ይህን ሳያደርጉ የሄዱ ሰዎች መብታቸው እያለ የሚመጣላቸው ሰው ሳይኖር ሊቆዩ ይችላሉ።

አርኖና ደግሞ የየማዘጋጃ ቤቱ ነው። የካሬ ሜትሩን ዋጋ እያንዳንዱ ከተማ ስለሚወስን፣ ትንሽ ከተማ ስለሆነ ብቻ ርካሽ ነው ብላችሁ አታስቡ። የእርጅና ቂጽባ ለሚቀበል ሰው እስከ 25 በመቶ፣ ከቂጽባው ጋር ሃሽላማት ሃኽናሳ ለሚያገኝ ደግሞ እስከ 100 በመቶ ቅናሽ እስከ 100 ካሬ ሜትር ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን የፔታህ ቲክቫ ቅናሽ ተከትሏችሁ አይሄድም። በአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ቅናሹ በስማችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ በፔታህ ቲክቫም አርኖናውን፣ ውኃውንና መብራቱን ከስማችሁ አስነሱ። ያን ሳታደርጉ ከሄዳችሁ፣ ሌላ ሰው የኖረበት ቤት ሂሳብ ለእናንተ ሊመጣ ይችላል።

የአድራሻ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ ለሚስራድ ሃፕኒም መነገር አለበት። ከሚስራድ ሃሺኩን የኪራይ እርዳታ የምታገኙ ደግሞ አዲሱን የኪራይ ውል ማቅረብ አለባችሁ፤ ውሉ ካልደረሳቸው ክፍያው ሊቋረጥ ይችላል።

በአሚዳር ወይም በአሚጉር ቤት የምትኖሩ ሰዎች ግን ከሁሉ ይልቅ ተጠንቀቁ። የመንግሥት ቤት ለቅቃችሁ በግል ብትከራዩ፣ መመለስ ብትፈልጉ ያው ቤት አይጠብቃችሁም። መንገዱ የቤት ልውውጥ፣ «ሃህላፋ» የሚባለውን ጠይቆ መጠበቅ ነው። የጽሑፍ መልስ ሳይደርሳችሁ ቁልፍ አትመልሱ።

የኑሮው ርጋታና መንገዱ

በትንሽ ከተማ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ባለ ሱቁ በስም ይጠራችኋል፣ ሰልፉ አጭር ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ገብታችሁ ጉዳያችሁን ለሚያውቅ ሰው ትናገራላችሁ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው እዚያ ይታያል። በለቅሶም በሠርግም ሰው በእግሩ ይደርሳል። የማኅበረሰባችን ሰው በብዛት ባለበት ከተማ ደግሞ ቄስም፣ እንጀራም፣ አብሮ ቡና የሚጠጣም በቅርብ ነው።

ነገር ግን ርጋታው የሚከፈልበት ቦታ አለ፤ እሱም አውቶቡስ ነው። አሚሻቭ ላይ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው ይመጣል። በትንሽ ከተማ ቀጣዩ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ደግሞ ቀድሞ ያቆማል። ዕድሜው 75 የሞላ ሰው በራቭ ካቭ ካርዱ ላይ ከተመዘገበለት በአውቶቡስም በባቡርም ያለ ክፍያ ይሄዳል። ስለዚህ ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ሳይሆን ጉልበትና ሰዓት ነው። ከኪርያት ጋት ባቡር ጣቢያ እስከ ቴል አቪቭ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ወደ ፔታህ ቲክቫ ለመድረስ መቀየር አለ። ዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ባቡር የለም። በሻባት ሰው ቢሞት ወይም ቢታመም መንገዱ የሚገኘው መኪና ካለው ልጅ ወይም በታክሲ ነው።

ሌላው በሳይረን ጊዜ ያለው ሁኔታ ነው። ወደ ጋዛ በቀረባችሁ ቁጥር ወደ መጠለያ ለመድረስ የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል። ለወጣት ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በደቡብ ቤት ስታዩ ከኪራዩ በፊት ማማድ መኖሩን እዩ። ማማድ ከሌለው፣ ሕንጻው ውስጥ ያለው መጠለያ ስንት ደረጃ እንደሚወርድ በእግራችሁ ወርዳችሁ ቁጠሩ።

አንድ ሂሳብ እንሥራ

ባልና ሚስት እናስብ፤ እሱ 76፣ እሷ 69 ዓመታቸው ነው። ሃሽላማት ሃኽናሳ አያገኙም። አሚሻቭ ውስጥ በወር 4,600 ሸቀል ይከራያሉ፤ ልጃቸው ያለችበት ኪርያት ጋት ውስጥ በ3,600 ሸቀል ቤት አግኝተዋል። እነዚህ ለምሳሌ የያዝናቸው ቁጥሮች ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ለውጧቸው።

በመጀመሪያ ሲታይ በወር 1,000 ሸቀል ይተርፋል። ነገር ግን እሷ በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢሮ ታጸዳለች፤ ከዚያ በወር 1,300 ሸቀል ገደማ ታገኛለች። በኪርያት ጋት ተመሳሳይ ሥራ ካላገኘች፣ ትርፉ ወደ 300 ሸቀል ኪሳራ ይለወጣል። እሱ በኩላሊት ሕመም በየሦስት ወሩ ቤይሊንሶን ይሄዳል። ጉዞው በነጻ ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ መቀያየር ስላለ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ ሚስቱም አብራው መሄድ አለባት። በሌሊት ቢታመም አምቡላንስ አሽከሎን ያደርሰዋል፤ ንጋት ላይ ሲለቀቅ ግን መመለሻው ታክሲ ነው።

በሌላ በኩል ያለውን እንይ። ልጃቸው ለልጆቿ የከሰዓት እንክብካቤ በወር 1,000 ሸቀል ትከፍላለች እንበል። አያት ከተገኘች ያ ገንዘብ ይቀራል። እንደ ቤተሰብ ሲታይ 300ው ኪሳራ ወደ 700 ሸቀል ትርፍ ይመለሳል። ግን ልብ በሉ፤ ያ 1,000 ሸቀል በልጅቷ ኪስ ነው የሚቀረው፣ በእናትና በአባት ኪስ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ከመሄዳቸው በፊት በግልጽ መነጋገርን ይጠይቃል፦ ልጅቷ ከዚያ ገንዘብ ምን ያህል ለኪራዩ ታግዛለች? እናቲቱስ በየቀኑ ልጆች ለመያዝ ጉልበት አላት? ልጆቹ ሲያድጉ፣ ወይም ልጅቷ በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ ቦታ ብትሄድስ? ይህ በዝምታ ሲታለፍ፣ ወላጆች በማያውቁት ከተማ ብቻቸውን ይቀራሉ። ሃሽላማት ሃኽናሳ የሚያገኙ ሰዎች ደግሞ ከሥራ የሚገኝ ገቢ በክፍያው ላይ ስለሚቆጠር፣ ሂሳቡን ለራሳቸው ለየብቻ ማስላት አለባቸው።

እነዚህ ባልና ሚስት መሄዳቸው ልክ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ የኩላሊት ሐኪሙ ቶር በቅርብ ሲገኝ፣ ከእሷ ደመወዝ ውጭ መኖር ሲችሉ፣ ከልጃቸው ጋር ስለ ገንዘቡ ሲስማሙ። አንዱ ከጎደለ ባሉበት ቢቆዩ ይሻላል።

ወደ ኢየሩሳሌም ለሚያስቡ

አንዳንዶች «ከተለወጠ አይቀር ኢየሩሳሌም» ይላሉ። በሕክምና በኩል ሃዳሳና ሻዓሬ ጼዴቅ አሉ፤ አገልግሎት አይጎድልም። በሲግድ ቀንም ሌላው ከሩቅ በአውቶቡስ ሲመጣ እናንተ ቅርብ ናችሁ። ነገር ግን ኪራዩ ከትንሽ ከተማ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ከተማዋም ተራራማ ናት፣ ብርዱም ከፔታህ ቲክቫ ይበልጣል። ጉልበትና ትንፋሽ ለሚያስቸግረው ሰው የደጁ ዳገት በየቀኑ የሚወጣ ነው። የመንግሥት ቢሮዎች እዚያ መሆናቸውም ብዙ አይጠቅማችሁም፤ የቢቱዋህ ለኡሚ ጉዳይ በየከተማው ቅርንጫፍና በስልክ *6050 ያልቃል።

ከመፈረማችሁ በፊት

ከሁሉ የሚበልጠው ሞክሮ ማየት ነው። ልጃችሁ ቤት ለጉብኝት ሳይሆን ለአንድ ሙሉ ወር ቆዩ፤ ቢቻል በክረምት። በዚያ ወር መኪና አትጠይቁ። በራሳችሁ አውቶቡስ ክሊኒክ ሂዱ፣ ገበያ ሂዱ፣ ምኵራብ ሂዱ፣ ማታም ተመለሱ። ማክሰኞ ጠዋት በከተማው ለሽማግሌዎች የሚሆን የቀን ማዕከል ገብታችሁ አማርኛ የሚናገር ሰው መኖሩን እዩ። በዚያ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ «ልጄ ትውሰደኝ» እንዳላችሁ ቁጠሩ። ይህ ቁጥር በየሳምንቱ ብዙ ከሆነ፣ ቦታው ለእናንተ ሩቅ ነው ማለት ነው።

ወሩ አልፎ ከወደዳችሁት፣ የኪራዩን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ዕብራይስጥ በደንብ የሚያነብ ሰው ያንብብላችሁ። በተለይ ከዓመቱ በፊት ብትወጡ ምን እንደምትከፍሉ የሚለውን አንቀጽ ጠይቁ። በጤና ምክንያት መውጣት ካስፈለጋችሁ በ60 ቀን ማስታወቂያ መውጣት እንድትችሉ ይጻፍላችሁ በሉ። ባለቤቱ እምቢ ካለ፣ የአሚሻቭን ቤት ከመልቀቃችሁ በፊት ሌላ ባለቤት ፈልጉ።